አፕ ለማይቀበል ቲቪና ፕሌይስቴሽን ቪፒኤን እንዴት ይደርሳል?

«አዳማ ነው የምኖረው፣ ቤቴ የፋይበር ኢንተርኔት አለ። ሳምሰንግ ቲቪዬም ፒኤስ 4ም ላይ የቪፒኤን አፕ ፈልጌ አጣሁ። ስልኬ ላይ ቪፒኤን አብርቼ ሆትስፖት ከፈትኩና ቲቪውን አገናኘሁት፣ ቪዲዮው ግን አሁንም በአገርዎ አይገኝም ይላል። ቪፒኤኑ በክፍያ ነው። ዊንዶውስ 10 ያለው ላፕቶፕ አለኝ። ራውተር ልግዛ ወይስ ሌላ መንገድ አለ?»

ወንድሜ፣ ራውተር ለመግዛት አትቸኩል። መጀመሪያ ባለህ ላፕቶፕ ሞክረው። በላፕቶፕ ከሠራና ከወደድከው ያኔ ራውተሩን ታስብበታለህ። በላፕቶፕ ካልሠራ ደግሞ ብዙ ጊዜ በራውተርም አይሠራም፣ ብርህ ኪስህ ቀረ ማለት ነው።

ከስልኩ ልጀምር፣ ምክንያቱም እዚህ ከተማ የምሠራላቸው ደንበኞች ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክሩት እሱን ነው። ያጠፋኸው ነገር የለም። አንድሮይድ ላይ ቪፒኤን የሚሠራው ስልኩ ውስጥ ላሉ አፖች ነው። ሲስተሙ እያንዳንዱን አፕ በመለያ ቁጥር ያውቀዋል፣ ቪፒኤኑን ስታበራ የእነዚያ አፖች ዳታ በቪፒኤኑ መስመር እንዲሄድ ሕግ ያስቀምጣል። ከቲቪው በሆትስፖት የሚመጣው ዳታ ግን የየትኛውም አፕ አይደለም። ስልኩ ተቀብሎ ያሳልፈዋል፣ በቃ። ስለዚህ ሕጉ አይነካውም፣ በተራው የሞባይል ኢንተርኔት በቀጥታ ይወጣል። አይፎንም ላይ ውጤቱ ያው ነው። ይህን በዓይንህ ለማየት ከፈለግህ ቪፒኤን የሌለው ሌላ ስልክ በሆትስፖትህ አገናኝና `ipleak.net` ክፈት። የሚያሳይህ አገር ኢትዮጵያ ከሆነ ቲቪህም የሚያገኘው እሱኑ ነው።

ሩት የተደረገ፣ ማለትም የሲስተሙ መቆለፊያ የተከፈተ ስልክ ወይም እንደ ሊኔጅ ያለ ሌላ አንድሮይድ ሲስተም የተጫነበት ስልክ ከሆነ ሆትስፖቱን በቪፒኤኑ ውስጥ ማሳለፍ ይቻላል። ለዚህ ብለህ ግን ደህና ስልክህን ሩት አታድርግ፣ የባንክ አፖችህ ሊያስቸግሩህ ይችላሉ። ሌላው በስልክ የሚሠራው ዘዴ የፕሮክሲ አፕ ስልኩ ላይ ጭኖ ፒኤስ 4 ላይ በኔትወርክ ሴቲንግ የፕሮክሲውን አድራሻ ማስገባት ነው። የፕሮክሲ አፑ ራሱ አፕ ስለሆነ የሚልከው ዳታ በቪፒኤኑ ይሄዳል። ግን ስቶሩንና ብራውዘሩን ያህል ነው የሚረዳህ፣ የጨዋታው ዳታ በፕሮክሲ አያልፍም። አብዛኛው ሳምሰንግ ቲቪ ደግሞ ፕሮክሲ የሚገባበት ቦታ እንኳ የለውም። ስለዚህ ስልኩን ተወው።

ላፕቶፕ የተለየ ነው። ዊንዶውስ ቪፒኤኑን ራሱን የቻለ የኔትወርክ አዳፕተር አድርጎ ያየዋል። አዳፕተር ከሆነ ደግሞ ለሌላ መሣሪያ ማጋራት ይቻላል። እኔ የምመክርህ ላፕቶፑ ኢንተርኔቱን በዋይፋይ ከፋይበር ራውተሩ እንዲቀበልና ለቲቪው በኬብል እንዲሰጥ ነው። የላፕቶፑን ሆትስፖት መጠቀም ትችላለህ፣ ግን አንድ የዋይፋይ ካርድ በአንድ ጊዜ ሲቀበልም ሲሰጥም ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል፣ የዊንዶውስ ሆትስፖትም የተገናኘ ነገር ከሌለ ራሱን ያጠፋል። ቲቪውን ለአምስት ደቂቃ ዘግተህ ስትመለስ ኔትወርኩን ታጣዋለህ። ኬብሉ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። አንድ ተራ የኔትወርክ ኬብል ነው የሚያስፈልግህ፣ የተለየ ዓይነት አትፈልግ።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። የቪፒኤን አፑን ላፕቶፑ ላይ ጫንና ሴቲንጉ ውስጥ ፕሮቶኮል ከሚለው ላይ ኦፕንቪፒኤን ምረጥ። ምክንያቱን ቀጥዬ እነግርሃለሁ። ከዚያ አገናኘውና ላፕቶፑ ራሱ ላይ ቪዲዮው መክፈቱን አረጋግጥ። ላፕቶፑ ላይ ያልከፈተ ቪዲዮ ቲቪው ላይ አይከፍትም፣ ስለዚህ እዚህ ጋ ካልሠራ ሌላ ሰርቨር ምረጥ እንጂ ወደ ቀጣዩ አትሂድ። ኬብሉን ከላፕቶፑ ወደ ቲቪው ሰካ። አሁን የዊንዶውስ ቁልፍንና `R` ቁልፍን አንድ ላይ ተጫንና ይህን ጻፍ፦

```
ncpa.cpl
```

የአዳፕተሮች ዝርዝር ይመጣል። የቪፒኤኑ አብዛኛውን ጊዜ ከስሙ ሥር `TAP-Windows Adapter V9` የሚል አለው። የትኛው እንደሆነ ግራ ከገባህ ቪፒኤኑን አጥፍተህ አብራው፣ ቀይ ምልክት የሚመጣበትና የሚጠፋለት እሱ ነው። ቀኝ ክሊክ አድርገህ `Properties`፣ ከዚያ `Sharing` የሚለውን ክፈት። የመጀመሪያውን ሳጥን ምልክት አድርግ። ከሥሩ ለማን እንደምታጋራ ይጠይቅሃል፣ `Ethernet` ምረጥና `OK` በል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚጋራው የቪፒኤኑ አዳፕተር ነው፣ የዋይፋዩ አይደለም። የዋይፋዩን ካጋራህ ቲቪው ኢንተርኔት ያገኛል፣ ሁሉም ነገር የሠራ ይመስላል፣ ግን ቪፒኤኑን አልፎት ነው የሚወጣው።

ቲቪው ላይ በኔትወርክ ሴቲንግ በኬብል የሚለውን ምረጥና የአይፒ አድራሻውን ተመልከት። በ `192.168.137` የሚጀምር ከሆነ ከላፕቶፑ ነው የተቀበለው፣ ዊንዶውስ ሲያጋራ የሚሰጠው እሱን ነው። በ `169.254` የሚጀምር ከሆነ ምንም አልተቀበለም ማለት ነው። ያኔ ማጋራቱን ምልክቱን አንስተህ `OK` በል፣ እንደገና ምልክት አድርግ። ላፕቶፑን አጥፍተህ ባበራህ ቁጥር ይህን መድገም ሊኖርብህ ይችላል፣ ያበሳጫል ግን የዊንዶውስ የቆየ ጠባይ ነው። በመጨረሻ የቲቪው ብራውዘር ላይ ያንኑ `ipleak.net` ክፈትና የመረጥከውን አገር ማሳየቱን እይ።

ኦፕንቪፒኤን ምረጥ ያልኩህ ለምንድን ነው? ሌላው ፕሮቶኮል ዋየርጋርድ ይፈጥናል፣ ግን ዊንዶውስ ላይ ስታጠፋው አዳፕተሩም አብሮ ከዝርዝሩ ይጠፋል፣ ስለዚህ ማጋራቱን ደጋግመህ ልትሠራው ነው። ሌላም ችግር አለው። የዋየርጋርድ የራሱ አፕ ከኩባንያህ በወረደው ፋይል ውስጥ `AllowedIPs = 0.0.0.0/0` ሲያይ ከቪፒኤኑ ውጭ ያለውን ትራፊክ ሁሉ ይዘጋል፣ በኬብሉ በኩል ያለውን የቲቪህን ጨምሮ። ቲቪው አይፒ ጭራሽ አያገኝም። የግድ ዋየርጋርድ ካልክ ያን መስመር `0.0.0.0/1, 128.0.0.0/1` አድርገው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ መላውን ኢንተርኔት ይሸፍናሉ፣ መዝጊያው ግን አይነሳም። የኩባንያውን አፕ የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ቪፒኤኑ ሲቋረጥ ኢንተርኔት የሚዘጋውን ሴቲንግ ለሙከራው ያህል አጥፋው፣ የሚያስቸግረው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

ላፕቶፑ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ በፓወር ሴቲንግ አስተካክል፣ አለበለዚያ ፊልሙ መሃል ላይ ይቋረጣል።

አሁን ወደ ራውተሩ። ጥቂት ቀን በላፕቶፕ አይተህ ከወደድከውና ላፕቶፑን ሁልጊዜ ቲቪ አጠገብ ማስቀመጥ ከሰለቸህ ራውተር ይሻላል። ነገር ግን የኢንተርኔት አቅራቢው የሰጠህን የፋይበር ሳጥን አትንካ። እነዚያ ሳጥኖች በአብዛኛው ቪፒኤን ለመቀበል የተሠሩ አይደሉም፣ ሴቲንጉን አበላሽተህ ኢንተርኔትህ ጭራሽ ከጠፋ ደግሞ ቴክኒሽያን እስኪመጣ መጠበቅ አለብህ። የሚያስፈልግህ ከእሱ ኋላ የሚሰካ ሁለተኛ ትንሽ ራውተር ነው።

ስትገዛ ካርቶኑ ላይ ቪፒኤን የሚል ስላየህ አትግዛ። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። `VPN Passthrough` ማለት ከኋላው ያለ ኮምፒውተር ቪፒኤን ቢጠቀም አልከለክልም ማለት ብቻ ነው፣ ለአንተ ምንም አይሠራልህም። `VPN Server` ማለት ውጭ ስትሆን ወደ ቤትህ ኔትወርክ መግቢያ ነው፣ አሁንም አንተ የምትፈልገው አይደለም። የምትፈልገው `VPN Client` የሚለውን ነው። ብዙ የቲፒ-ሊንክ ራውተሮች ሰርቨሩ ኖሯቸው ክላየንቱ የላቸውም፣ ሱቅ ውስጥ ሻጩም ብዙ ጊዜ ልዩነቱን አያውቀውም፣ በሞዴሉ ስም ኢንተርኔት ላይ ፈልገህ ማኑዋሉን ራስህ አንብብ። የኤሱስ ራውተሮች በብዛት ክላየንት አላቸው። ጂኤል አይኔት የሚባሉት ትንንሽ ራውተሮች ደግሞ ኦፕን-ደብሊውአርቲ የሚባል የራውተር ሲስተም ተጭኖባቸው ነው የሚመጡት፣ ዋየርጋርድና ኦፕንቪፒኤን ሁለቱንም ይቀበላሉ። ምርጫው የእኔ ቢሆን እነሱን እገዛ ነበር። ቪፒኤንህም ለራውተር የሚሆን ፋይል መስጠቱን ከመግዛትህ በፊት አረጋግጥ። በድረገጹ አካውንትህ ውስጥ መጨረሻው `.conf` ወይም `.ovpn` የሆነ ፋይል ማውረድ ካልቻልክ፣ አፕ ብቻ ከሆነ የሚሰጥህ፣ ራውተሩ ምንም አያደርግልህም።

ራውተር ላይ ከላፕቶፑ በተቃራኒ ዋየርጋርድን ምረጥ። ርካሽ ራውተር ደካማ ፕሮሰሰር ነው ያለው፣ ኦፕንቪፒኤን ደግሞ ምስጠራውን በአንዱ የፕሮሰሰር ኮር ላይ ብቻ ስለሚሠራ ፋይበርህ ምንም ያህል ቢፈጥን በርካሽ ራውተር ላይ ከ10 እስከ 20 ሜጋቢት አካባቢ ሊቆም ይችላል። ለኤችዲ ቪዲዮ 5 ሜጋቢት ስለሚበቃ ይሄዳል፣ ለፎር ኬ ግን ይጠብብሃል። ዋየርጋርድ በዚያው ሳጥን ላይ በብዙ ይፈጥናል።

አሰካኩ ቀላል ነው፣ ከፋይበር ሳጥኑ `LAN` ወደ አዲሱ ራውተር `WAN` አንድ ኬብል። አንድ ነገር ግን ቀድመህ እይ። ሁለቱም ራውተሮች አድራሻቸው `192.168.1.1` ከሆነ አዲሱ ራውተር በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ኔትወርክ ያያል፣ ግራ ይገባዋል፣ ኢንተርኔት አይሰጥም። የአዲሱን ወደ `192.168.8.1` ቀይረው። የጂኤል አይኔት ከፋብሪካውም እንዲሁ ነው የሚመጣው። ከዚያ ፋይሉን ትጭናለህ። ውስጡ ይህን ይመስላል፦

```
[Interface]
PrivateKey = ...
Address = 10.14.0.2/32
DNS = 10.14.0.1
MTU = 1280

[Peer]
PublicKey = ...
AllowedIPs = 0.0.0.0/0
Endpoint = ...:51820
PersistentKeepalive = 25
```

ቁልፎቹንና አድራሻዎቹን ከኩባንያህ እንዳሉ ተዋቸው። እኔ የምጨምረው ሁለት መስመር ነው። `PersistentKeepalive = 25` በየ25 ሴኮንዱ ትንሽ ምልክት ይልካል፣ አለዚያ ኔትወርኩ ዝም ያለውን ግንኙነት ይረሳውና ቲቪው ከቆይታ በኋላ ስትከፍተው ይንቀራፈፋል። `MTU` ደግሞ አንድ ፓኬት ምን ያህል ትልቅ ይሁን የሚለው ነው። ዋየርጋርድ ካልነገርከው 1420 ይወስዳል። ይህ ለብዙው ይሆናል፣ ግን ከሥር ያለው መስመር ትንሽ ጠበብ ካለ ትልልቆቹ ፓኬቶች መንገድ ላይ ይቀራሉ። ምልክቱ በጣም ግልጽ ነው፦ ቪፒኤኑ ተገናኝቷል ይላል፣ የአፑ ሎጎ ይመጣል፣ ሜኑው ምናልባት ይከፍታል፣ ቪዲዮው ግን ሲዞር ይውላል። ያኔ 1280 አድርግና ሞክር። ከተስተካከለ ችግሩ እሱ ነበር፣ ከፈለግህ ቀስ እያልክ ወደ ላይ ከፍ አድርገው። ካልተስተካከለ መልሰውና ሌላ ቦታ ፈልግ።

አሁን እዚህ አገር ላለን ሰዎች በጣም የሚያስቸግረውን ልንገርህ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቪፒኤኑ አይነሳም። ሰው ራውተሩ ተበላሸ ይላል፣ ወይ ቪፒኤኑ ተዘጋ ብሎ ይደናገጣል። ጉዳዩ ሰዓት ነው። እነዚህ ትንንሽ ራውተሮች ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ውስጣቸው የለም። ሲነሱ ሰዓታቸው ወደ ኋላ ይቀራል፣ አንዳንዴ በሰዓታት፣ አንዳንዴ በሳምንታት። ዋየርጋርድ ደግሞ ሰላምታ ሲልክ ሰዓቱን አብሮ ይልካል፣ ሰርቨሩ ካለፈው የቀደመ ሰዓት ካየ የድሮ መልእክት የደገመ መስሎት ዝም ብሎ ይጥለዋል። ራውተሩ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ሊያስተካክል ይሞክራል፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ ሁሉ በቪፒኤኑ በኩል እንዲሄድ ታዟል፣ ቪፒኤኑም ሰዓቱ ካልተስተካከለ አይነሳም። ስለዚህ እዚያው ይቆማል። ኦፕን-ደብሊውአርቲ ላይ በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከላፕቶፑ ትእዛዝ በመጻፍ፣ ገብተህ `date` ብትል የቆየ ቀን ታያለህ፣ `wg show` ብትል የተላከው እየጨመረ የተቀበለው `0 B` ላይ ቆሞ `latest handshake` የሚለው መስመር ጭራሽ አይኖርም። እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ከታዩ ሌላ አትፈልግ።

መፍትሔው የሰዓቱን ጥያቄ ብቻ ከቪፒኤኑ ውጭ ማሳለፍ ነው። የሰዓት ሰርቨሩን በስም ሳይሆን በቁጥር አድራሻ ስጠው፣ ስም ከሆነ እሱን ለመተርጎምም ቪፒኤኑ ያስፈልገዋል። የፋይበር ሳጥንህ አድራሻ `192.168.1.1` ከሆነ እንዲህ ነው፦

```
uci add_list system.ntp.server='162.159.200.1'
uci add network route
uci set network.@route[-1].interface='wan'
uci set network.@route[-1].target='162.159.200.1/32'
uci set network.@route[-1].gateway='192.168.1.1'
uci commit
/etc/init.d/network restart
/etc/init.d/sysntpd restart
```

ያ ቁጥር የክላውድፍሌር የሰዓት ሰርቨር ነው። ይህን መጻፍ ካልፈለግህ ለሁለቱም ሳጥኖች የሚሆን ባለ 12 ቮልት ትንሽ ዩፒኤስ ግዛ። የአዲሱ ራውተር አዳፕተር ግን ስንት ቮልት እንደሚል አንብብ፣ ብዙዎቹ ጂኤል አይኔቶች 5 ቮልት ናቸው፣ 12 ከሰካህበት ይቃጠላል። ራውተሩንም ዲኮደር ላይ አትደርበው። ቪፒኤን ሲያሠራ ከተለመደው በላይ ይሞቃል፣ የአዳማ ከሰዓት በኋላ ሙቀት ሲጨመርበት ፍጥነቱ ይወርዳል ወይም ራሱን ያጠፋል።

ሁሉም ተስተካክሎ አሁንም ቪዲዮው እምቢ ሊል ይችላል። አይፒህ ተቀይሯል ማለት አገርህ በሁሉም ቦታ ተቀየረ ማለት አይደለም። የሳምሰንግ የአፕ ስቶር አገር ቲቪውን መጀመሪያ ስታስነሳው የመረጥከው ነው፣ የፕሌይስቴሽን ስቶርም የሚያየው አካውንቱ የተከፈተበትን አገር ነው። ትልልቆቹ የፊልም አገልግሎቶች ደግሞ የታወቁ የቪፒኤን አይፒዎችን ይዘጋሉ። ኔትፍሊክስ ላይ `M7111-5059` የሚል ኮድ ካየህ ቪፒኤኑን አውቆታል ማለት ነው፣ ከራውተርህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ ሰርቨር ቀይር። መጀመሪያ በላፕቶፕ ሞክር ያልኩህ ለዚህ ጭምር ነው።

ስለ ፒኤስ 4ም ልንገርህ። በዚህ መንገድ ስቶሩንና የቪዲዮ አፖቹን ያሠራልሃል። ለኦንላይን ጨዋታ ግን ቪፒኤን ፒንግን ያሻሽላል የሚሉህን አትስማ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ 1000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 5 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ከዚህ ፍራንክፈርት ከ5000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሴኮንድ በታች በምንም ዘዴ አይወርድም፣ ትክክለኛው መንገድ ደግሞ ቀጥ ያለ ስላልሆነ ከዚያ ይበልጣል። ቪፒኤኑ ያንን መንገድ ያስረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም። አልፎ አልፎ የአቅራቢህ መስመር በጣም ዞሮ የሚሄድ ከሆነ ሊያግዝ ይችላል፣ እሱም የጨዋታው ሰርቨር አጠገብ ያለ የቪፒኤን ሰርቨር ከመረጥክ ነው። በተጨማሪም ሁለት ራውተርና አንድ ቪፒኤን ተደራርበው ፒኤስ 4 በኢንተርኔት ሙከራው ላይ `NAT Type 3` ሊያሳይህ ይችላል፣ ያኔ ከጓደኞችህ ጋር በድምፅ ማውራትና አንድ ክፍል መግባት ያስቸግርሃል። እኔ ብሆን ቲቪውን ብቻ በቪፒኤኑ ራውተር አስገብቼ ፒኤስ 4ን በዋናው የፋይበር ዋይፋይ ላይ እተወዋለሁ፣ ለስቶሩ ባስፈለገኝ ጊዜ ብቻ ወደ ሁለተኛው ዋይፋይ አዛውረዋለሁ።